ኩባንያ ሲፈርስ ማን ቀድሞ ይከፈለዋል?

«ላቀረብኩት ዕቃ 400 ሺህ ሳይከፈለኝ ኩባንያው ሊፈርስ ነው። ሕንፃውን ባንክ በመያዣ ይዞታል። ለእኔ ምን ይተርፈኛል?»

ከሕንፃው ሽያጭ በቅድሚያ የሚወስደው ባንኩ ነው። የላኩልኝን ሒሳብ ይዤ ላስላልዎ። የባንኩ ዕዳ 6 ሚሊዮን ነው፤ ሕንፃው 4.2 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። ባንኩ ይህን ይወስዳል። ያልተሸፈነው 1.8 ሚሊዮን ግን መያዣ የለውም፤ ስለዚህ ባንኩ በዚህ ቀሪ መጠን ከእርስዎ ጋር እኩል ይሰለፋል። ብዙ አቅራቢዎች የሚያዝኑት ይህን ሳያውቁ ስለሚቀሩ ነው።

ሌላው ንብረት ተሽጦ 2 ሚሊዮን ይገኛል። ከዚህ ላይ በቅድሚያ የኩባንያውን ንብረት ሸጦ ዕዳውን የሚከፍለው የሒሳብ አጣሪው ወጪ 300 ሺህ፣ ቀጥሎ የቀዳሚነት መብት ያለው የሠራተኞች ደመወዝ 500 ሺህ ይከፈላል። የቀረው 1.2 ሚሊዮን ነው። ያለመያዣ የሚጠይቁት ደግሞ የባንኩ ቀሪ 1.8፣ የአቅራቢዎች 4 እና ቅድሚያ ከሚያገኘው ጣሪያ በላይ የሆነ ደመወዝ 0.2፣ በድምሩ 6 ሚሊዮን ነው። 1.2 ለ6 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሳል። ለእርስዎ 80 ሺህ፣ ለባንኩ ቀሪ 360 ሺህ ማለት ነው። ባለአክሲዮኖች ምንም አያገኙም። ጥያቄዎን በአጣሪው የጊዜ ገደብ ውስጥ ካላስመዘገቡ ግን ከዚህ ክፍፍል ሊያመልጡ ይችላሉ።

«የስድስት ወር ደመወዝ አለኝ። ሠራተኛ ይቀድማል ይባላል፤ ከባንኩም?»

ብዙውን ጊዜ አይደለም። በብዙ አገሮች የሠራተኛ ቅድሚያ የሚሠራው በመያዣ ባልተያዘው ንብረት ላይ ነው። በእንግሊዝ ሕግ መንገድ በሚሄዱ አገሮች ግን ባንኩ የያዘው እንደ ዕቃ ክምችት በየቀኑ የሚለዋወጥ ንብረት ከሆነ፣ ደመወዝ ከዚያ ንብረት ላይ ከባንኩ ሊቀድም ይችላል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ከቋሚ መያዣም በላይ ያደርጉታል። ስለዚህ መጀመሪያ የመያዣውን ዓይነት ይጠይቁ። ቅድሚያው በወራት ወይም በገንዘብ ጣሪያ የሚወሰንበት ቦታም ብዙ ነው። ከጣሪያው የተረፈው ደመወዝዎ አይጠፋም፤ ከአቅራቢዎቹ ጋር ይሰለፋል።

«ሥራ አስኪያጁ ‹ኩባንያው ሳይዘጋ ለአንተ ብቻ እከፍላለሁ› አለኝ። ልቀበል?»

ተጠንቀቅ። ኩባንያው መክፈል አቅቶት ሳለ አንዱን ከሌሎች ለማስቀደም የተደረገ ክፍያ፣ ሕጉ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ከሆነ፣ አጣሪው አስመልሶ ለሁሉም ሊያካፍለው ይችላል። ቀድሞ ለነበረው ዕዳ አሁን አዲስ መያዣ ቢጽፍልህም ያው ነው። በእጅህ የሚጠቅምህ ቀድሞ የተጻፈ ውል ነው፦ ዋጋው እስኪከፈል ዕቃው የአንተ ሆኖ ይቆያል የሚል አንቀጽ ካለበትና ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተለይቶ ከታወቀ፣ ብዙ ሕጎች ዕቃውን እንድትወስድ ይፈቅዳሉ። ዕቃው ተሽጦ ከሄደ ግን ወረፋህ ከሌሎቹ ጋር ነው።