ኤፍፒኤሱ 60 ሆኖ ጌሙ የሚቆራረጠው ቪራም ሲሞላ ነው

«አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጂቢ አለኝ፣ ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው። ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት 1 ላይ 60 ኤፍፒኤስ ያሳየኛል፣ ካሜራውን ሳዞር ግን ይቆራረጣል። ሱቅ ራም ጨምር አሉኝ፣ ልጨምር?»

ወንድሜ፣ ራም አትግዛ። ለዚህ ችግር ራም የሚሸጥልህ ሰው ገንዘብህን በከንቱ እያስወጣህ ነው።

1. ጌሙ እየተቆራረጠ ሳለ Task Manager ከፍተህ Performance፣ ከዚያ GPU ውስጥ ግባ። Dedicated GPU memory 8 ጂቢ አካባቢ ደርሶ ከቆመ፣ Shared GPU memory ደግሞ እየጨመረ ከሄደ፣ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ፣ ማለትም ቪራሙ፣ ሞልቶ ትርፉን ወደ ራም እየላከ ነው። Shared ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢታይ አትደንግጥ፣ እሱ ሁሌም ይኖራል።

2. ካርድህ የራሱን ሚሞሪ በሰከንድ 272 ጂቢ ያነባል። ራም ላይ ያለውን ለማምጣት ግን በፒሲአይ መስመር ማለፍ ግድ ነው። 4060 የሚጠቀመው 8 ሌን ብቻ ነው፣ ቢ450 ደግሞ ጄን 3 ስለሆነ በሰከንድ 8 ጂቢ ገደማ ብቻ ያልፋል። እስቲ አስላው፦ ለአንድ ፍሬም 100 ሜጋባይት ቴክስቸር ከራም መምጣት ካለበት 12.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ከካርዱ ቢሆን 0.4 እንኳ አይሞላም። ለ60 ኤፍፒኤስ የሚፈቀደው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 12.5 ሲጨመርበት ያ ፍሬም 29 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ካሜራውን ስታዞር የሚብሰውም አዲስ ቴክስቸር በአንድ ጊዜ ስለሚፈለግ ነው። በሰከንድ ሦስት እንዲህ ያሉ ፍሬሞች ቢገቡ አማካዩ ከ60 ወደ 58 ገደማ ቢወርድ ነው። ዓይንህ ግን መቆራረጡን በደንብ ያያል። ስለዚህ አማካዩን ትተህ እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን የፍሬም ታይም መስመር ተመልከት፤ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ የሚል ነገር ካለበት ችግርህ እሱ ነው።

መፍትሔው ሰቲንጉን ሁሉ ዝቅ ማድረግ አይደለም። ጥላውንና ብርሃኑን አርደው ቴክስቸሩን አልትራ ላይ የሚተዉ ሰዎች ያናድዱኛል! ቴክስቸር ቦታ እስካገኘ ድረስ ኤፍፒኤስ ብዙም አይነካም፣ የሚበላው ሚሞሪ ነው። በቢሲ7 የታመቀ 4096 በ4096 ቴክስቸር ከነሚፕማፑ፣ ማለትም ለርቀት ከሚውሉት ትንንሽ ቅጂዎቹ ጋር፣ 21 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ2048 ሲሆን 5 ብቻ፣ ማለትም ሩቡን። በ1080ፒ ስክሪን ልዩነቱን የምታየው ግድግዳው ላይ ተለጥፈህ ስትቆም ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ብራውዘሩን ዝጋ፣ እሱም ቪራም ይወስዳል። ጌሙንም አፕዴት አድርግ፤ በ2023 ሲወጣ 8 ጂቢ ካርዶችን ክፉኛ አስቸግሮ ነበር፣ በኋላ በፓች ተሻሽሏል። ከዚያ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ አውርድ። የጌሙ ሜኑ የቪራም ግምቱን በባር ያሳይሃል፤ ግማሽ ጂቢ ያህል ክፍት እስኪተርፍ ድረስ ቀንስ። ለውጡን ካደረግህ በኋላ ጌሙን ዘግተህ ክፈት፣ አለበለዚያ አሮጌው ቴክስቸር ካርዱ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሌላ ጌም ላይ ደግሞ ሳይቆራረጥ ግድግዳውና ልብሱ ደብዝዞ ከቀረ፣ ያም ብዙ ጊዜ ያው ችግር ነው። አንዳንድ ጌሞች ቪራም ሲሞላ ፍሬሙን ከማዘግየት ይልቅ ሳይነግሩህ የቴክስቸሩን ጥራት ያወርዳሉ፤ ሰቲንጉ ግን አልትራ እንደሚል ይቀራል።