የፕሪሚየር ቆረጣ ቁልፎች፦ ጠይቁ

ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም፣ ጠይቁ። የምመልሰው በዊንዶውስ ላይ ላለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ ለፕሪሚየር ነው። ቁልፎቹን የቀየረ ሰው እኔን አይጠይቀኝ።

ሄለን፦ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ዝምታውን ቶሎ ቶሎ ለማውጣት ምን ልጠቀም?

ጋሽ ደሜ፦ ሬዘሩን እርሺው። ተናጋሪው 2 ደቂቃ ከ10 ላይ ጨረሰ እንበል። እዚያ በCtrl+K ቁረጪና ማጫወትሽን ቀጥይ። 2 ከ16 ላይ እንደገና ሲጀምር አቁሚና Q። ስድስቱ ሴኮንድ ይወጣል፣ የቀረው ተስቦ ይገጥማል። Q ወደ ኋላ የሚበላው መጨረሻ እስከተቆረጠበት ቦታ ድረስ ነው። Ctrl+K ን ከረሳሽና መጨረሻ የተቆረጠው 1 ከ30 ላይ ከሆነ፣ ደህናውን ወሬ ጨምሮ 46 ሴኮንድ ጠራርጎ ይሄዳል። እኔ አንዴ ያወቅኩት ደንበኛው ሲደውል ነው።

Q ከመንካትሽ በፊት በግራ ቀስት ሁለት ሦስት ፍሬም ተመለሺ። ቃሉ በ«በ» ከጀመረ ከንፈሩ ከድምፁ ቀድሞ ይገጥማል። ያን ከቆረጥሽው አፉ ተከፍቶ ዘሎ የገባ ይመስላል። በ25 ፍሬም ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ዓይን ይይዘዋል።

ሚኪ፦ ሪዞልቭ ብትገቡ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። Delete ብቻ፣ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል።

ሳሚ፦ እኔ ጋ ክፍተት ይተዋል እኮ!

ሚኪ፦ Backspace ነክተህ ነዋ።

ጋሽ ደሜ፦ እዚህ ፕሪሚየር ነው ብያለሁ። እዚህ Delete ክፍተት ይተዋል፣ የሚዘጋው Shift+Delete ነው። ሁለቱንም የምትሠሩ እጃችሁን ጠብቁ።

ዳዊት፦ ስቆርጥ ከሥር ያለው ሙዚቃ አብሮ ይቆረጣል።

ጋሽ ደሜ፦ የሙዚቃውን ትራክ ሰማያዊ ምርጫ አጥፋ፣ Sync Lock ንም እዚያው ትራክ ላይ አጥፋ። የጽሑፉ ትራክ ላይ ግን እንዳትነካው፤ ጽሑፉ ባለበት ቀርቶ ንግግሩ ጥሎት ይሄዳል።

ራሔል፦ Q አይሠራም።

ጋሽ ደሜ፦ አይሠራም ማለት ምን ማለት ነው? ቀስቶቹስ?

ራሔል፦ ቀስት ይሠራል። Q እና C ናቸው እምቢ ያሉት።

ጋሽ ደሜ፦ ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።

ዮናስ፦ ስልክ ላይስ?

ጋሽ ደሜ፦ አልሠራበትም።

ብሩክ፦ ዝምታን በፍጥነት እንዴት ነው የምናወጣው?

ጋሽ ደሜ፦ ወንድሜ፣ ለሄለን የጻፍኩትን አንብብ። Ctrl+K ሳትል Q የለም!

ሳሚ፦ ፍሬም በፍሬም ለመሄድ K ን ይዞ L ን መንካት አይሻልም?

ጋሽ ደሜ፦ ያስኬዳል። ጣትህ ከJ እና L ካልተነሣ ይመችሃል። እኔ ቀስት ለምጃለሁ፣ በShift ደግሞ አምስት አምስት ይዘላል።

ራሔል፦ ጋሼ፣ ሠራ! ግን መግቢያውን በሙሉ በላው።

ጋሽ ደሜ፦ Ctrl+Z።