ስክሪን ሊያስቀይር ለመጣ ሰው ከቨር እንዴት ይሸጣል? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ስለ ከቨር፣ ግላስና ገመድ ሽያጭ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

«ደንበኛው ሒሳብ ሊከፍል ሲል “ከቨርስ?” እለዋለሁ። ፊቱ ይቀየራል።» (ከዓባይ ማዶ)

ሰዓቱን ነው የሳትከው። ብር ሊያወጣ ሲል ሌላ ሒሳብ ስትጨምርበት የተሸወደ ይመስለዋል። እኔ ስልኩን ስረከብ ነው የማነሳው። መጀመሪያ «እንዴት ተሰበረ?» እላለሁ። በቀደም አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ። ስልኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወርድ ይረሳዋል፣ ይወድቃል። «ስክሪኑ 3,500 ብር ነው። ግላስ 200፣ ከቨር 300፤ ሁለቱን አብረህ ካደረግህ 400። ካልፈለግህም ስክሪኑን እሠራልሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ዝም። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው። ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ ራሱ «ከቨሩን ብቻ» አለ። ሰጠሁት፤ ስለ ግላሱ አልደገምኩም።

«100 ብር ቀንሼ ምን ይተርፈኛል? እኔ ግላሱን “ነፃ” ብዬ ስክሪኑ ዋጋ ላይ እጨምረዋለሁ።» (ከቀበሌ 14)

ግላሱን ከስክሪኑ ጋር ማሰብህ ልክ ነው፤ አዲስ ስክሪን ላይ ጭረትና አቧራ ሳይገባ ይለጠፋል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ግን አትጫነው፤ ስክሪኑ ይንሸራተታል። «ነፃ» የምትለው ነገር አይሆንም። ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ የስክሪን ዋጋ ሲጠይቅ ውዱ አንተ ትሆናለህ።

ሒሳቡን እንየው። ሁለቱን ዕቃ በ240 ብር ከገዛህ፣ ለየብቻ 260፣ በጥቅል 160 ታተርፋለህ። በፊት 8 ሰው ሁለቱንም በሙሉ ዋጋ ይወስድ ከነበረ፣ አሁን በጥቅል ከ13 ሰው በታች ከወሰደ ቅናሹ ጎድቶሃል። አንድ ወር ደብተር ላይ ጻፍ።

«እኔ ደንበኛ ነኝ። ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ብወስደው ገመድ ሸጡኝ። ተሸወድኩ?»

ላይሆን ይችላል። ለክተው አሳይተውሽ ነበር? እኔ ትንሿን የዩኤስቢ መለኪያ ሰክቼ መጀመሪያ በደንበኛው ገመድ፣ ቀጥሎ በሱቁ ገመድ አሳያለሁ። በሱቁ ገመድ አምፔሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲል ግን አምፔሩ በራሱ ይወርዳል፤ ከግማሽ በታች ሳለ ነው መለካት። አንዳንዴ ደግሞ መሰኪያው ውስጥ የኪስ ብናኝ ብቻ ይገኛል። ያን ቀን ጠርጎ መስጠት እንጂ የሚሸጥ ነገር የለም።

«በጀልባ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ውሃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት ብሸጥስ?»

ሽጥ። መጀመሪያ ግን ሶፍት ከተህበት ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ሶፍቱ ከረጠበ አትሽጠው። ስልኩን ለከፈትክለት ሰው ደግሞ ውሃ የሚከላከለው ማጣበቂያ እንደተነሣ ንገረው። ያኔ ከረጢቱን ራሱ ይጠይቅሃል።

«ለረዳቴ በሸጠው ቁጥር ኮሚሽን ልስጠው?»

ሞክሬዋለሁ። ሽያጩ ጨመረ፤ ደንበኞች ግን «ልጁ ይነዘንዛል» አሉኝ፣ ተውኩት። ሌላ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ይሰጣል፤ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም ይላል። እስካሁን እንከራከርበታለን።