ማሽኑ ስለጮኸ አሸንፋችኋል ማለት አይደለም

ወደ ውጭ አገር ለመጡ አዲስ ገቢዎች ምክር ጻፍ ተብዬ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

1. ወረቀት። ደብዳቤ በመጣ ዕለት ክፈቱት፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ኮፒውን አስቀምጡ። አለቀ።

2. ስሎት የሚባለው የቁማር ማሽን። እዚህ ላይ ነው ጉዳዬ። ለሊት ፈረቃ ሠርቶ የወጣ ልጅ ቤቱ ሳይገባ ማሽን ፊት ሲቀመጥ ስንቱን አየሁ መሰላችሁ። «ስንት ተበላህ?» ስትሉት ደግሞ «ኧረ ዛሬስ ደህና ነበር፣ ደጋግሞ ሰጠኝ» ይላል። ኪሱ ግን ባዶ ነው። አይዋሽም፤ እውነት ያሸነፈ መስሎታል። እንዴት? ቁጭ ብለን እንቁጠረው።

የዛሬ ማሽን አንድ መስመር ብቻ አያጫውትም። 20 መስመር አለው እንበል፣ በእያንዳንዱ አንድ ክሬዲት ትመድባላችሁ። አንድ ጊዜ ስትጫኑ 20 ክሬዲት ወጣ። ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ ምስሎች ገጠሙና 8 ክሬዲት ተመለሰ። 12 ከስራችኋል። ማሽኑ ግን ምን ያደርጋል? መብራቱ ይብለጨለጫል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል፣ ቁጥሩ አንድ ሁለት እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። ከ20 ላይ 12 ወስዶባችሁ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል።

አሁን አሥር ጊዜ ተጫወቱ። 200 ክሬዲት ወጣ። ስድስቱ ጭጭ አሉ። ሦስቱ 5፣ 8 እና 12 መለሱ። አንዱ 45 ሰጠ፤ እውነተኛው ድል እሱ ብቻ ነው። ጠቅላላ የተመለሰው 70፣ የተበላው 130። ጆሯችሁ ግን አራት ጊዜ ጭፈራ ሰምቷል። ወደ ቤት ስትሄዱ የሚታወሳችሁ አራቱ ነው።

ይህ የኔ ሐሜት አይደለም። ካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የተጫዋቾችን የእጅ ላብ ለክተው ነበር። ሰውነታቸው እንዲህ ያለውን ኪሳራ የተቀበለው እንደ ድል ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ በእንዲህ ያለው ኪሳራ ላይ የደስታውን ድምፅ አውጥተው የሽንፈት ድምፅ አስገቡ። ያኔ ተጫዋቾቹ ስንት ጊዜ እንዳሸነፉ የሚገምቱት ወደ እውነቱ ቀረበ። ያው ጨዋታ፣ ያው ገንዘብ፤ የተለወጠው ድምፁ ነው። እንግሊዝ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንተርኔት ስሎት ላይ ከመደቡት ያልበለጠ ሲመለስ ማስጨፈር ከልክላለች። መንግሥት ሕግ ያወጣበትን ነገር እናንተ «ትንሽ መዝናኛ ነው» ትሉኛላችሁ።

3. «ለጥቂት!» የሚባለው፤ ጃክፖቱን፣ ማለትም ትልቁን ሽልማት፣ ለጥቂት ሳትኩ ማለት። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሁለት የጃክፖት ምስል ገጥሞ ሦስተኛው እኮ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ነው የቆመው፣ ደርሷል» አለኝ። የት ነው የደረሰው? ምስሎቹን ይዞ ሲዞር የምታዩት ጎማ 22 ማቆሚያ አለው እንበል። ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ለምሳሌ 64 ቁጥር ያለው ሌላ የማይታይ ጎማ ነው። ኢንጌ ቴልናስ የሚባል ሰው በ1984 (እ.ኤ.አ.) ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው። ከ64ቱ አንዱን ብቻ ለጃክፖቱ ይሰጣሉ። ከጃክፖቱ በላይና በታች ላሉት ባዶ ቦታዎች ግን ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ቁጥር ይሰጣሉ እንበል። እንግዲህ ጃክፖቱ መስመሩ ላይ አንድ ጊዜ ሲቆም፣ ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ 12 ጊዜ ይቆማል ማለት ነው። ያ ልጅ «ደርሷል» ያለው አስቀድሞ የተሰላውን ነው።

ሦስቱም ጎማዎች እንደሚታዩት 22 ብቻ ቢሆኑ የጃክፖቱ ዕድል ከ10,648 አንድ ነበር። በ64ቱ ግን ከ262,144 አንድ ነው። ዓይናችሁ የሚያሰላው የመጀመሪያውን፣ ገንዘባችሁ የሚጫወተው በሁለተኛው ነው።

ኔቫዳ ውስጥ አንድ አምራች ከዚህም አልፎ ነበር። ማሽኑ መሸነፋችሁን ከወሰነ በኋላ «ለጥቂት» የሚመስለውን ምስል መርጦ ያሳይ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በ1989 (እ.ኤ.አ.) እሱን ከለከሉ። የማይታየው ጎማ ግን እንደተፈቀደ ቀረ።

ደግሞ ቁልፉን ቶሎ ተጭኖ ጎማውን ማስቆም የሚያዋጣ የሚመስላችሁ አላችሁ። ውጤቱ ማጫወቻውን በተጫናችሁበት ቅጽበት ተወስኗል። ጎማው የሚዞረው ለእናንተ ትርኢት ነው። «ለጥቂት» ያመለጣችሁና በሩቁ የሳታችሁ እኩል ናችሁ፤ የሚቀጥለው ዙር ስለቀዳሚው አያውቅም።

4. ይህን ሁሉ ሰምታችሁም የምትቀመጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ድምፁን አጥፉት። ስትጀምሩ ክሬዲት የሚለውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉ። አሥር ዙር ስትጨርሱ እንደገና እዩት። ማሽኑ «አሸነፍክ» ብሎ የሚጽፈው በትልቁ ነው፤ የቀራችሁ የሚጻፈው ታች፣ ጥግ ላይ በትንሹ ነው። እሱን አንብቡ። ከዚያ በኋላ «ዛሬ ደህና ነበር» የሚለኝ ካለ ሁለቱን ቁጥር ያሳየኝ።