ከፎልደሩ ያስወጣነው ሰው ቀድሞ ያወረደው ቅጂ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

የእድር ሊቀመንበር፦ የቀድሞው ጸሐፊያችን የጉግል ድራይቭ ፎልደራችንን በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ አውርዷል። የአባላት ስምና ስልክ፣ የመታወቂያ ፎቶዎች፣ የባንክ መግለጫ፣ ሁሉም አለበት። ትናንት ስሙን ከፎልደሩ አስወጣሁት። አሁን እፎይ ልበል?

መልስ፦ በግማሹ እፎይ ይበሉ። ከትናንት ወዲህ ፎልደሩ ውስጥ የሚገባውን አያይም፤ የእርስዎ የሆነውን ሰነድ ማረምም መሰረዝም አይችልም። ያወረደው ግን አሁን በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ያለ ተራ ፋይል ነው። ወደ ፍላሽ ይገለብጠው፣ ለሌላ ሰው ይላከው፣ ድራይቭ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰነዱን "Make a copy" ብሎ በራሱ ድራይቭ ውስጥ ገልብጦትም ከሆነ፣ ያ ቅጂ የእርሱ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእርስዎን ዋናውን ቢያጠፉት እንኳ አብሮ አይጠፋም።

ከዚያ በፊት ግን በሩ በእርግጥ መዘጋቱን ይመልከቱ። ስም ከዝርዝር ማውጣት ብዙ ጊዜ አንዱን መዝጊያ ብቻ መግፋት ነው። በ"Share" መስኮት ግርጌ "General access" የሚል አለ። እዚያ ላይ "Anyone with the link" ተብሎ ከቆየ፣ ጸሐፊው የድሮውን ሊንክ ከቴሌግራሙ ፈልጎ ዛሬም መግባት ይችላል። "Restricted" ያድርጉት። ሌላው፣ አንዳንድ ፋይል ከፎልደሩ በተጨማሪ ለብቻው ተጋርቶለት ሊሆን ይችላል፤ ከፎልደሩ ሲወጣ ያኛው አይነካም። በድራይቭ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የእርሱን ኢሜይል እንዲህ አስገብተው ይፈልጉ፦

```
to:yesu.email@gmail.com
```

የሚወጣውን እያንዳንዱን ፋይል ከፍተው ስሙን ያስወግዱ። በዝርዝሩ ውስጥ የማያውቁት ኢሜይል ካለም ይጠይቁ። የማረም መብት ያለው ሰው በተለመደው አሠራር ለሌላ ሰው ማጋራትም ስለሚችል፣ ሁለተኛ አካውንቱን ቀደም ብሎ አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ አንባቢ፦ ይህ ትክክል አይመስለኝም። እኔ በድሮፕቦክስ የሥራ ባልደረባዬን ከፎልደር ሳስወጣው ከኮምፒውተሩ ላይ ራሱ ጠፍቶበታል። በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ ያዩት እውነት ነው፤ ያጠፋው ግን የሚመስልዎትን ያህል አይደለም። ድሮፕቦክስ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱ ፎልደር አለው፤ ያንን ከኢንተርኔቱ ጋር እያመሳሰለ ይይዛል። ሰውየውን ቅጂ እንዲያስቀር ሳይፈቅዱለት ካስወጡት፣ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ፎልደሩ ይነሳል። ባልደረባዎ ግን ከዚያ በፊት ፋይሎቹን ወደ ዴስክቶፕ ጎትቶ ቢሆን ኖሮ አሁንም በእጁ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ነጥሎ ቢከፍትም፣ እስኪገናኝ ድረስ በቦታቸው ያገኛቸዋል። የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ አውርዷል፤ ይህ ከማመሳሰል ጋር ግንኙነት የለውም።

የፎቶ ቤት ባለቤት፦ የእኔ ይባስ! ሙሽሮቹ ቀሪውን ገንዘብ ሳይከፍሉ ፎቶዎቹን በሙሉ አወረዱ። አሁን ፎልደሩን ብዘጋባቸው ምን ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ምንም አይጎዳቸውም፤ የሚቀየሙበት ምክንያት ብቻ ይጨምርላቸዋል። ለሚቀጥለው ደንበኛ ግን በፎቶዎቹ ማጋሪያ መስኮት ውስጥ ባለችው የማርሽ ምልክት ገብተው፣ ተመልካቾች እንዳያወርዱ፣ እንዳያትሙና እንዳይገለብጡ መከልከል ይችላሉ። ይህ ክልከላ የስክሪን ፎቶ ማንሳትን አያስቆምም። ልዩነቱን ግን በቁጥር ይመልከቱት፦ ካሜራዎ ወደ ጎን 6000 ፒክስል የሚያነሳ ቢሆን፣ ስፋቱ 1080 ፒክስል ከሆነ ስልክ ላይ በቁሙ የተነሳ የስክሪን ቅጂ 1080 ብቻ ይይዛል፤ ስልኩን ቢያጋድሙት ይጨምራል። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የአልበም ገጽ በጥሩ ጥራት እንዲታተም ወደ 3500 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ ለፌስቡክ ይበቃቸዋል፣ ለአልበም አይበቃቸውም። እኔ ብሆን ግን ክልከላውን ትቼ፣ እስኪከፍሉ ድረስ ስም የታተመባቸውን ትናንሽ ቅጂዎች ብቻ አስገባ ነበር።

ከሐዋሳ፦ እኔም ፎልደሩን ከድራይቬ አጠፋሁት። ባለፈው ወር ነው። ይመለሳል?

መልስ፦ የእርስዎ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ግን ይሁን። ፋይሉ በ"Trash" ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ካላለፈ ይመልሱት። ካለፈ ደግሞ ከዚህ በፊት ፎልደሩን ያወረደ ሰው ካለ ይደውሉለት። ሊቀመንበሩን እንቅልፍ የነሳው ቅጂ እርስዎን ሊያድንዎት ይችላል።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ጸሐፊው ማውረዱንና አለማውረዱን የሚያሳይ መዝገብ የለም ወይ? እኛ መሥሪያ ቤት ይታያል።

መልስ፦ የእናንተ የድርጅት አካውንት ስለሆነ ይመስለኛል። በድርጅት አካውንት አስተዳዳሪው፣ የተገዛው ጥቅል የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ማን ምን እንዳወረደ ከመዝገብ ማየት ይችላል። የእድሩ ፎልደር በግል ጂሜይል የተከፈተ ነው። እዚያ የሚታየው ማን እንዳረመ፣ ማን እንዳጋራ፣ ምን እንደተጨመረ ነው፤ ማውረድ አይመዘገብም። መዝገብ ቢኖርም ከወረደ በኋላ ፋይሉ የት እንደሄደ አይነግርዎትም።

የእድር ሊቀመንበር፦ እሺ፣ የወረደው ወረደ። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ አይቀመጡ። ፎልደሩ ውስጥ የነበረውን አንድ በአንድ እያነሱ "ይህን ዋጋ ላሳጣው እችላለሁ?" ብለው ይጠይቁ። የእድሩ ኢሜይል የይለፍ ቃል በአንዱ ሰነድ ላይ ተጽፎ ከነበረ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ በእጁ ያለው ቅጂ ባዶ ወረቀት ይሆናል። በባንኩ ፈራሚ ከነበረ ባንኩ ፊርማውን እንዲያነሳ በደብዳቤ ይጠይቁ። የባንክ መግለጫው ደግሞ በየወሩ እያረጀ ይሄዳል። የስልክ ዝርዝሩ ግን ቶሎ አያረጅም፤ የመታወቂያ ፎቶው ጨርሶ አይለወጥም። ለእነዚህ ለሁለቱ ቴክኒካዊ መድኃኒት የለኝም። አባላቱን በግልጽ መንገርና "ከእድሩ ነው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ስልክ ቢመጣ እንዲጠራጠሩ ማድረግ ይቀራል።

አንድ አንባቢ፦ በሽማግሌ ፊት አጥፍቻለሁ ብሎ ይፈርምላችሁ፣ አለቀ።

መልስ፦ መፈረሙ መልካም ነው፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ ይጠቅማል። ማጥፋቱን ግን አያረጋግጥም። ፊት ለፊታችሁ ከኮምፒውተሩ ቢሰርዝ እንኳ በኢሜይሉ ወይም በፍላሹ ያለውን ማን ያያል?

ያው አንባቢ፦ ሰውን እንዲህ ከተጠራጠራችሁ ለምን ጸሐፊ አደረጋችሁት?

የእድር ሊቀመንበር፦ እርሱን እንተወው። ፍለጋውን አሁን ሠራሁት፤ ሁለት ፋይል ወጣ። የመዋጮው መዝገብ ላይ ግን ከስሙ አጠገብ "Owner" ይላል፤ የሚያስወግደው ምልክት የለም።

መልስ፦ መዝገቡን የፈጠረው እርሱ ስለሆነ ባለቤቱም እርሱ ነው። ፎልደሩ የእርስዎ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ ባለቤትን ከራሱ ፋይል ማስወጣት አይቻልም። ቢሰርዘው ደግሞ ከእናንተም ይጠፋል። ዛሬ የማየት መብትዎ ሳይነሳ ከፍተው "Make a copy" ይበሉ፤ አዲሱ በእርስዎ ስም ይሆናል። የቀድሞው የእርማት ታሪክ አብሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ማን የትኛውን መዋጮ መቼ እንደቀየረ የሚያሳየውን ክፍል አስቀድመው በስክሪን ፎቶ ያስቀሩት። ባለቤትነቱን በፈቃዱ እንዲያስተላልፍልዎት መጠየቅም ይችላሉ፤ እርሱ ይልካል፣ እርስዎ ይቀበላሉ። ግን ቅጂውን ሳይይዙ አይደውሉለት።