የዕድል መንኮራኩር ወጣልኝ፣ ልጠብቅ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራ ቦታ አንዷ ልጅ ታሮት ሦስት ካርድ አወጣችልኝና መሃል ላይ የዕድል መንኮራኩር ወጣ፣ «ነገር ሊዞርልሽ ነው ዝም ብለሽ ጠብቂ» አለችኝ። ነርሲንግ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል፣ እስከ አርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። ካርዱ ላይ ደሞ አርባዕቱ እንስሳ አሉበት፣ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን እህቴ። ካርዱን አንድ ተማሪ በስልኩ አሳይቶኛል፣ እውነትሽን ነው፣ ሰው፣ ንስር፣ በሬና አንበሳ ክንፍ አውጥተው መጽሐፍ ይዘው በአራቱ ማዕዘን አሉ፣ ከሕዝቅኤል የተወሰዱ ናቸው። ግን ይሄ ሥዕል የወጣው በፈረንጆቹ 1909 ነው። ታሮት ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን አገር መጫወቻ ካርታ ነበር፣ ጥንቆላ ላይ በደንብ የዋለው ከ300 ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ነው። የድሮው ሥዕል ላይ እንስሶቹ የሉም፣ አንዱ ሰው ይወጣል፣ አንዱ ከላይ ነግሷል፣ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ከስር ወድቋል፣ መሃል ያለችው ደሞ ዓይኗ የተሸፈነ ዕድል የምትባል ሴት ናት። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ቁጥር 20ን አንብቢው፣ እዚያ ያለው መንኮራኩር መንፈስ ወደሚሄድበት ነው የሚሄደው፣ ዝም ብሎ አይሽከረከርም።

ካርዶቹ 78 ናቸው፣ ሦስት ሲወጣ ያ ካርድ የመግባት ዕድሉ ከ26 አንድ ነው፣ ቢሮሽ ውስጥ ለ26 ሰው ብታወጣ ቢያንስ ለአንዱ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 64 ገደማ ነው። ደሞ «ይዞራል» የሚል ቃል መቼ ይሳሳታል? ቢሳካልሽ ዞረ፣ ባይሳካልሽ ወደ ታች ዞረ፣ ተገልብጦ ቢወጣ ደሞ «ዘግይቷል» ትልሽ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ «ጠብቂ» ያለችሽ ነው፣ አርብ ሲያልፍ ቦታውን ያሳጣሽ ዝምታሽ ይሆንና አንቺ ግን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ትያለሽ።

ዑደት የለም አላልኩም ኧረ። ቤተ ክርስቲያናችንም ዓውድ አላት፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ በየአራት ዓመቱ ይዞራል፣ ዓውደ ቀመር ደሞ በ532 ዓመት። ባሕረ ሐሳብ ግን ፋሲካ መቼ እንደሚውል ነው የሚነግርሽ፣ አንቺ ምን እንደምትወስኚ አይነግርሽም። ሲራክ 15 ላይ እሳትና ውኃ ከፊትሽ ቀርቧል፣ እጅሽን ወደ ወደድሽው ትሰጃለሽ ይላል፣ እጁ ያንቺ ነው።

ማስነበቡን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ዘዳግም 18 ስለ ምዋርት የሚለው ይሄንንም ይነካል፣ ግን አትደናገጪ፣ ልጅቷንም አትጣዪ፣ «አይ ይቅርብኝ» በያት በቃ። ከዛ ሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥረው ሰው ዛሬ ማታ ጸልየሽ ወረቀት አውጪና ክፍያውን፣ የሥራ ሺፍትሽን፣ ልጅ ካለሽ ማን እንደሚይዝልሽ ጻፊ፣ የሚጎድል ካለ ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ደውለሽ ፋይናንሻል ኤይድ ጠይቂ፣ አርብን አትጠብቂ።