ቴሲስን ለጤና መምሪያ በሁለት ገጽ መጻፍ

«ሰላም ለሁላችሁ። ቴሲሴ ደሴ ውስጥ እናቶች የቅድመ ወሊድ ክትትል ለምን ዘግይተው እንደሚጀምሩ ነው። አድቫይዘሬ ለከተማው ጤና መምሪያ የሁለት ገጽ ፖሊሲ ብሪፍ አድርጊው አለኝ። ከ94 ገጽ ምኑን ልተው?»

እህትዓለም፣ እኔም እዚሁ ደሴ ተቀራራቢ ርዕስ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ብሪፌ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት እያለ የሚሄድ የተለጠጠ አብስትራክት ነበር። የሰጠኋቸው ኃላፊ ሁለቱንም ገጽ አይተው «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። መልሱ መጨረሻ ላይ ነበር፤ እሱም «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል ብቻ።

ስለዚህ ከግኝቶችሽ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ መምሪያው ባለው ሰውና በጀት ሊለውጠው የሚችለውን። የእናትየዋ የትምህርት ደረጃ ከሁሉም የጠነከረ ግንኙነት ቢያሳይ እንኳ ጤና መምሪያ ያንን በአንድ ዓመት አይለውጠውም። መቼ መጀመር እንዳለባት የነገራት ሰው መኖር አለመኖሩ ግን በእጁ ነው። ያንን ይዘሽ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ ጻፊ፦ «የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤት ለቤት ጉብኝት የወር አበባ የቀረባቸውን ሴቶች ጠይቀው እስከ 12ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ»። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር የመጀመሪያው ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ ይሁን ስለሚል፣ ይህን በአንድ መስመር ጨምሪበት። ሊትሬቸር ሪቪው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ዘዴው ሦስት መስመር ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። እንበልና ካልተነገራቸው 100 እናቶች 60ዎቹ፣ ከተነገራቸው 100 ደግሞ 40ዎቹ ዘግይተዋል። ኦድስ ሬሾው 2.25 ይመጣል። ይህን «ከሁለት እጥፍ በላይ ይዘገያሉ» ብለሽ ከጻፍሽው ስሕተት ነው፤ 60 የ40 አንድ ተኩል እጥፍ ነውና። መዘግየት የተለመደ በሆነበት ቦታ ኦድስ ሬሾ ልዩነቱን አጋንኖ ያሳያል። አንባቢሽ ደግሞ የሚያስበው በሰው ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዥሽ ውስጥ ያሉትን ቆጠራዎች አውጥተሽ «ከ100 ስንት» ብለሽ ጻፊ። ግንኙነቱ ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላም መጽናቱን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ይህ የሚሠራው ጥናትሽ ክሮስ ሴክሽናል ከሆነ ነው፤ ኬዝ ኮንትሮል ከሆነ የዘገዩትን ቁጥር የወሰንሽው አንቺ ስለሆንሽ መቶኛው ከተማውን አይወክልም። ክሮስ ሴክሽናልም ቢሆን መንስኤን አያረጋግጥም፤ «አለመነገሩ አዘገያቸው» ሳይሆን «ካልተነገራቸው መካከል የዘገዩት ይበዛሉ» በይ።

ስትጨርሺ ጤና ላልተማረ ሰው ስጪው። እኔ ፒያሳ ሱቅ ላለው ጎረቤቴ ሰጠሁትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወረቀቱን ተቀብዬ «ማን ምን ያድርግ ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቶች ቶሎ ይሂዱ ይላል» አለኝ። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ አልታዩትም ነበር፤ አራተኛው መስመር ላይ የነበሩትን ወደ መጀመሪያው አመጣኋቸው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዕቅድ ሥራው ሳያልቅ፣ ቢቻል በሚያዝያ፣ እጃቸው ይግባ።